ሳይደርስ የደረሰው የጋሽ ገብረየስ ጥርስ

ሐሚዳ በስልክ ስታወራ ድምጿ ሌላ ነው። ቢሮ ውስጥ ሞተረኞቹ ላይ ስታንባርቅ የሰማ ሰው ያቺው ሴት ናት ቢሉት አያምንም። ደንበኛ «ሄሎ» ሲላት ማር ትሆናለች።

«እናቴ፣ እንደምን አሉ? እቃዎት መንገድ ላይ ነው። ስልክዎት ላይ የገባችውን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ» ትላለች።

ሰዉም ያነብላታል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። አለቃዋ አብነትም እሷን ስምሪት ላይ ያስቀመጣት ለዚሁ ድምጿ ነው።

ቢሮው ገርጂ ነው፤ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ፣ ሁለት ጠባብ ክፍልና አንድ ሽንት ቤት። ከታች የቀለም ሽታ ይወጣል፣ ከጎን የሽንት ቤቱ ሽታ ይመጣል፣ መሃል ላይ ሐሚዳ ተቀምጣ የሰው እቃ ታሰማራለች።

ሥራው በወጉ ለሠራው ከባድ አይደለም። ሱቅ ወይ ክሊኒክ ትዕዛዝ ይልካል። እሷ በአንድ አቅጣጫ ያሉትን ለቅማ ለአንድ ሞተረኛ ትሰጣለች፤ የቱ ቀድሞ የቱ ተከትሎ እንደሚደርስ ትደረድርለታለች። ዝርዝሩ ሞተረኛው ስልክ ላይ ይወጣል። ደጅ ሲደርስ ደንበኛው በመልእክት የተላከለትን ኮድ ይነግረዋል፤ ሞተረኛው ኮዱን አስገብቶ፣ እቃውን በሩ ላይ ፎቶ አንስቶ «ደርሷል» ይላል። ያ ትዕዛዝ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይመጣል። አለቀ።

ነገር ግን ትዕዛዝ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ሲስተሙ በቀይ «ዘግይቷል» ብሎ ይጽፍበታል። አዲስ አበባ ደግሞ መንገዷ ዛሬ ይቆፈራል፣ ነገ ይዘጋል፣ ከነገ ወዲያ ዝናብ ይሞላዋል። ቀይ በዛ። አብነት ቀይ ማየት አይችልም። ሰላሳን ገና የተሻገረ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ አፉ ለስላሳ ልጅ ነው፤ ድርጅቱን ያቋቋመው እሱ ነው። ክፉ ነው እንዳይባል ምሳ ይጋብዛታል፣ ለዒድ ቀድሞ ይለቃታል። አንድ ቀን ግን ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ሲስተሙ ላይ አንድ ቦታ አሳያት።

«ይኼ ‹በስምሪት መዝጋት› የሚለው፣ የሞተረኛ ስልክ ሲሞት ከዚህ እንድንዘጋለት ነው። ታዲያ እቃው መድረሱ ካልቀረ ቀደም ብለን ብንዘጋው ማን ይጎዳል? አንቺ ኮዱን በስልክ ተቀበይ፤ ፎቶውን እኔ።»

ፎቶው ነው መጀመሪያ የቀፈፋት። ካሜራው የሲስተሙ ስለሆነ የቆየ ፎቶ አይቀበልም፤ እዚያው መነሳት አለበት። ስለዚህ አብነት ባዶ ካርቶን ይዞ ይሄድና ሽንት ቤቱ በር ሥር ያስቀምጣል፤ አጎንብሶ ጠቅ! ቡናማ በር ነው። የማንም በር ይመስላል። ቦሌ ሚካኤል ላለ ልብስ ሰፊ፣ ሰሚት ላለች አራስ፣ ቡልቡላ ላለ ጡረተኛ፣ ለሁሉም አንድ የሽንት ቤት በር። ሐሚዳ መጀመሪያ ቀን «አስተግፊሩላህ» ብላ ፊቷን አዞረች። ሁለተኛው ቀን ሳቀች። ከዚያ በኋላ ለመደችው። ደሞዝ የሚያስለምደው ነገር ብዙ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነበር መጠንቀቅ የሚፈልገው። የተዘጋ ትዕዛዝ ከሞተረኛው ስልክ ይጠፋል። ስለዚህ በዘጋች ቁጥር ደውላ «እገሌ ተዘግቷል፣ ግን ይደርሳል» ማለት አለባት። ይኼን ረስታ አታውቅም፤ እስከዚያ ቅዳሜ።

ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ካለ የጥርስ ክሊኒክ አንዲት ትንሽ ካርቶን መጣች። ተቀባይ፦ አቶ ገብረየስ፣ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም። ለበዳሳ ሰጠችው። በዳሳ እዚያው ቡልቡላ የተወለደ ልጅ ነው፤ ብሎኮቹ ሳይበቅሉ በፊት እርሻው የማን እንደነበር ያውቃል፤ እዚያ አካባቢ ካርታ አያስፈልገውም። ከቦሌ ሚካኤል የሚደርሱትን አስቀደመችለት፣ የቡልቡላዎቹን አስከተለች፤ ጋሽ ገብረየስን መጨረሻ አደረገቻቸው። ሄደ።

መንገድ መጨናነቁን ስትሰማ የመጨረሻዎቹ ቀይ ሊሆኑ እንደሆነ ገባትና ደወለች።

«አባቴ፣ እንደምን አሉ? እቃዎት መንገድ ላይ ነው። ስልክዎት ላይ የገባችውን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ።»

ሽማግሌው አነበቡ። አልተሰማትም። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ይረግፋል፤ ግማሹ ትንፋሽ፣ ግማሹ ምራቅ።

«ይድገሙልኝ አባቴ።»

ደገሙ። ከኋላ ሴት ልጅ ስትስቅ ተሰማ፤ ሽማግሌው «አንቺ ዝም በይ!» አሏት። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው ቀስ አሉ።

«ልጄ፣ የምታመጡልኝ ጥርሴን ነው። ድዴን ስለጫረኝ ክሊኒኩ ሊሞርድልኝ ወስዶት ነው። ጥርሴን ስታመጡልኝ አጥርቼ እነግርሻለሁ። አሁን አታስቸግሪኝ።»

«አሁን ነው የሚያስፈልገኝ አባቴ። ከመጣ በኋላማ ምን ይሠራልኛል?» አለች በማሯ። ምን እንዳለች ራሷም ልብ አላለችም።

«ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌ ይመጣብኛል። ልጄን ረሆቦትን ሊጠይቁ። እናቷ የለችም፤ መልስ የምሰጥ እኔ ነኝ። እንደምትሰሚኝ ሆኜ ሰው ፊት አልቀመጥም። ከዚያ በፊት ይደርሳል?»

«ምን በወጣዎት አባቴ! ከምሳ በፊት ይደርሳል። አንድ በአንድ ይንገሩኝ እስኪ።»

አንድ በአንድ ነገሯት። እያንዳንዱን ቁጥር እየደገመች እንደ ሕፃን ልጅ አስቆጠረቻቸው። ኮዱን አስገባች። አብነት ካርቶኑን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ጠቅ። «ደርሷል»።

ልክ ለበዳሳ ልትደውል ስልኩን ስታነሳ እሱው ደወለ።

«እትዬ ሐሚዳ፣ ሞተሩ ሞተ! ቦሌ ሚካኤል ነኝ፣ ቤተክርስቲያኑ ጀርባ። ባትሪው ሳይሆን አይቀርም፤ እየገፋሁ ሜካኒክ ጋ ወስጄዋለሁ።»

«የቀረህን ለኻሊድ አዞራለሁ። እዚያው ጠብቀው፣ ይረከብሃል።»

የበዳሳን ቀሪ ዝርዝር መረጠችና ወደ ሌላው ሞተረኛ፣ ወደ ኻሊድ አዞረችው። ሲስተሙ የሚያዞረው ክፍት የሆነውን ብቻ ነው። የጋሽ ገብረየስ ተዘግቷል፤ አልዞረም። በዚያው ሌላ ስልክ ጠራ፣ ሌላ ደንበኛ፣ ሌላ ኮድ። ኻሊድ ቦሌ ሚካኤል ደርሶ ስልኩ ላይ ያለውን ዝርዝር እያየ ከበዳሳ ሳጥን እቃዎቹን ለቅሞ ሄደ። ትንሿ ካርቶን ሳጥኑ ሥር ቀረች።

ከሰባት ሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረየስ ደወሉ። ስልኩን ያነሳው አብነት ነው፤ ሐሚዳ ሶላት ላይ ነበረች። ስትመለስ ወንበሯ ላይ ተደላድሎ ሲያወራ አገኘችው።

«አባባ፣ ሲስተሙ ደርሷል ነው የሚለው። ኮድዎን ሰጥተዋል። ያለ እርስዎ ኮድ አይዘጋም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ተቀብሎልዎት ይሆናል፣ እስኪ ይጠይቁ... ፎቶም አለ፣ ልልክልዎት እችላለሁ።»

ላከላቸውም። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ እንደገና ጠራ፤ አሁን እሷ አነሳችው። ልጅቷ ናት፣ ረሆቦት።

«ይኼ የማን በር ነው? የኛ በር ሰማያዊ ብረት ነው። ደግሞ እዚህ ጥግ ላይ ያለው ምንድነው? ጀሪካንና ማንቆርቆሪያ... ሽንት ቤት ነው እንዴ? የአባቴን ጥርስ ሽንት ቤት በር ላይ ነው ያስቀመጣችሁት?»

ከልጅቷ ኋላ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል። አይቆጡም። «ተያት፣ ተያት ልጄ፣ እኔው ነኝ ኮዱን የሰጠሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላሉ፤ ቃሉ እየረገፈባቸው።

ከልጅቷ ቁጣ ይልቅ ይኼ ነው የከበዳት።

«መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች።

አብነት ፀጉሩን እያሻሸ «ሽማግሌ ናቸው፣ ይረሳሉ» አለ።

«ምኑን ነው የሚረሱት? ጥርስ አፋቸው ውስጥ መኖር አለመኖሩን?»

«እሺ፣ በዳሳ ይሆናላ። እሱ ነው የያዘው። ሞተር ተበላሸ ምናምን እያለ...»

«በዳሳ የሰው ጥርስ ምን ይሠራለታል? ሠላሳ ሁለቱም ሞልተውለታል!» አለችና ደወለችለት። «በዳሳ! ሳጥንህን ክፈት። ሥሩን እየው።»

ሲያንኳኳ፣ ሲያገላብጥ ተሰማት።

«እትዬ፣ አንዲት ካርቶን አለች። የክሊኒክ ማህተም አላት። ዝርዝሬ ላይ የለችም እኮ፤ ኻሊድም የለችበትም ብሎ ተዋት። የማን ናት?»

ሐሚዳ ዓይኗን ጨፈነች። ሌባ የለም። ዘራፊ የለም። የጠፋው ሳይደርስ «ደርሷል» ስላለችው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዋን ሠራች፤ ይኼን አሳምራ ታውቀዋለች። በዳሳ ያለ ሞተር ነው። ኻሊድ ቡልቡላ ወዲያ ማዶ ጫፍ ላይ ነው፤ ሁለት እቃ ይቀረዋል። ኻሊድ ቦሌ ሚካኤል ድረስ ይመለስ ብትል ዋናው መንገድ በአንድ ወገን ተቆፍሯል፤ ተጠባብቆ ነው የሚታለፈው፤ ሄዶ መመለሱ ዘጠኝ ሰዓትን ያልፋል። በዳሳ በታክሲ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ይሂድ ብትልም ታክሲው ሳይሞላ አይነሳም፣ ከወረደ በኋላም የእግር መንገዱ ረጅም ነው። ስለዚህ መንገዱን ለሁለት ከፈለችው፤ ሁለቱንም አንድ መስመር ላይ አስገባች።

«በዳሳ፣ ካርቶኗ የጋሽ ገብረየስ ጥርስ ናት፤ የቡልቡላን ታክሲ ያዝ። ቁፋሮው ሲያልቅ አስፋልቱ ላይ ውረድ። እዚያ ኻሊድ ይጠብቅሃል። ኻሊድ፣ ሰማኸኝ? ሁለቱን እቃህን አቆያቸው፤ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ቁፋሮው ጋ በዳሳን አግኘው። ተረክበህ ቀጥታ ጋሽ ገብረየስ ቤት።»

«ሐሚ እናቴ፣ እሺ፤ ግን ዝርዝሬ ላይ አድርጊልኝ» አለ ኻሊድ። «በስሜ ያልወጣ እቃ አልይዝም። መንገድ ላይ ብወድቅ፣ ብያዝ፣ ቢሰበር፣ የማን ነው ብባል ምን እላለሁ? ዋሴ አጎቴ ነው፣ ልጆች አሉት።»

እውነቱን ነው። ደንቡን ያስተማረችው ራሷ ናት። ግን የተዘጋ ትዕዛዝ ለማንም አይሰጥም፤ መጀመሪያ መከፈት አለበት። ሲከፈት ደግሞ ሲስተሙ ምክንያት ይጠይቃል፤ ክሊኒኩም ያንን ምክንያት ያየዋል።

አብነት እጁን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ።

«ሐሚዳዬ፣ አትክፈቺው። ኻሊድን ለምኚው፣ እንዲሁ ያድርስ። ይኼ ክሊኒክ ሰኞ የቅርንጫፎቹን ሥራ በሙሉ ሊሰጠን ነው። ዛሬ ነው ሪፖርታችንን የሚያዩት።»

«እንዲሁ አልይዝም አለህ እኮ።»

«እሺ፣ ክፈቺው። ግን ምክንያቱን ‹ደንበኛው አልተገኘም› በይው። ያኔ ጥፋቱ የኛ አይሆንም።»

ሐሚዳ ዞር ብላ አየችው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ሰው ቆሻሻ ሲነካ ያየች ይመስል አየችው።

«ደንበኛው አልተገኘም? ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ቤታቸው ተቀምጠው አፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እኔ ደውዬ እንደ ሕፃን አስቆጥሬ ኮዳቸውን ወሰድኩ። አንተ የሽንት ቤት በር ላክህላቸው። አሁን ደግሞ አልተገኙም ልበላቸው?»

«አንድ ቃል ነው እኮ ሐሚዳ። አንድ ቃል።»

«አንድ ቃል ከሆነ እውነቱን ብጽፍ ምን ይቸግርሃል?»

እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው፤ የሞተ ነገር እንደሚያነሱ፣ በሁለት ጣቷ። ትዕዛዙን ከፈተች። ከምክንያቶቹ መሃል አንዱን መረጠች፦ «ሳይደርስ ተዘግቷል»። ማን ዘጋው ሲላት የራሷን ስም አስገባች። የአብነትን ልታስገባ አስባ ነበር፤ ኮዱን የወሰደችው ግን እሷ ናት። ለኻሊድ ሰጠችው። መስመሩ ወዲያው ቀላ፤ «ዘግይቷል»።

አብነት «ሰኞ እንነጋገራለን» አለ።

«ዛሬም አፍ አለኝ» አለችው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ስክሪኑ ላይ የኻሊድ ነጥብ ቁፋሮው ጋ ቆመች። አልተንቀሳቀሰችም። የበዳሳ ታክሲ አልደረሰም ማለት ነው። ሐሚዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነጥቧ ላይ አፈጠጠች። ከዚያ በዳሳ ደወለ።

«እትዬ፣ ወያላው ቁፋሮው ላይ አላወርድም ብሎኝ ዘልዬ ወረድኩ፤ ሰጠሁት! ሄዷል!»

«እግርህ ደህና ነው?»

«እግሬን ተይው፣ ጥርሱ ደህና ነው!»

ነጥቧ ተነሳች። በዋናው መግቢያ ልትገባ ስትል ቆም አለች፤ ኻሊድ ደወለ፤ መግቢያው ላይ መኪና ተደርድሯል። በዳሳን መስመር ላይ አስገባችው፤ «በኋላ በኩል፣ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ግባ፣ ለሞተር ክፍት ናት» አለው። ገባ።

ኻሊድ ሲደርስ ሰማያዊው በር ክፍት ነበር። ስልኩን አልዘጋውም፤ ሐሚዳ ሁሉንም ትሰማለች። በሩ ላይ የወንዶች ጫማ ተደርድሯል፤ ኻሊድ በሹክሹክታ ነገራት። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀምጠዋል። ከውስጥ የአንድ ሰው ወፍራም ድምፅ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ሌላ ማንም አይናገርም። የልጅቷ አባት ዝም ብለው ጊዜ እየገፉ ነው።

ረሆቦት ወጣች። ካርቶኑን አይታ እጇን ዘረጋች።

«እህቴ፣ ኮድ ያስፈልገኛል» አለ ኻሊድ። «አዲስ ገብቷል፣ አባትሽ ስልክ ላይ።»

«እንደገና ኮድ?»

አባቷ ተከትለዋት ወጡ። ሐሚዳ የእግራቸውን ድምፅ ሰማች። ከዚያ ያው የረገፈ ቃል፦

«አንዴ ሰጠኋችሁ። አሁን ግን መጀመሪያ እቃዬን።»

ደንቡ ኮዱ ይቀድማል ይላል። «እናቴ፣ ምን ላድርግ?» አላት ኻሊድ በስልኩ።

«ስጣቸው» አለች ሐሚዳ።

ካርቶን ሲቀደድ ተሰማ። ውሃ ሲፈስ ተሰማ። ከዚያ ጥርስ በጥርስ ላይ ሲገጥም፣ ቀጭ። ጋሽ ገብረየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያቺ ሴትዮ ትሰማኛለች?»

«እሰማለሁ አባቴ።» ማሩን አላመጣችውም። በራሷ ሻካራ ድምፅ ነው ያለችው።

ኮዱን ነገሯት። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ የቢሮ ኃላፊ ደብዳቤ እንደሚያጽፍ። እያንዳንዱ ቁጥር እንደ ጠጠር ጥርት ብሎ ወደቀ። መጨረሻ ላይ «መድገም ያስፈልጋል?» አሏት።

«አያስፈልግም» አለች። «ይቅር ይበሉኝ» ልትል ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ እንግዶቻቸው ተመልሰው ነበር። በክፍቱ በር ድምፃቸው ይመጣል፦ «እንግዲህ ቤት ለእንግዳ! ዝም ያልኩት ንቄያችሁ እንዳይመስላችሁ...» ሰው ሳቀ። ኻሊድ ፎቶውን አነሳ፤ ሰማያዊው በር፣ ከሥሩ የሽማግሌዎቹ ጫማ፣ የተቀደደችው ካርቶን።

«ደርሷል» አለ ሲስተሙ። ከጎኑ በቀይ «ዘግይቷል»። ሐሚዳ ቀዩን አየችው። ለዓይኗ ንጹሕ ሆነባት።

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ከጀርባዋ ድምፅ ሰማች፤ ማር የሆነ የወንድ ድምፅ።

«እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? እቃዎት መንገድ ላይ ነው። ስልክዎት ላይ የገባችውን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ...»

አብነት ነው። በራሱ ስልክ፣ የእሷን ቃል በቃል። ድምፅ አወጣጡን እንኳ ከሷ ተምሮታል። ሐሚዳም በዚህ ሁሉ ጊዜ ለሰው ጆሮ እንዲህ ነበረች ማለት ነው። እንዲህ የምታዳልጥ።

መሳቢያዋን ሳበች፣ ሳጥን ላይ የሚጻፍበትን ወፍራም ጥቁር ማርከር አወጣች፣ ክዳኑን በጥርሷ ነቅላ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች። ትምህርቷ ብዙ ስላልገፋ ፊደሏ ትልቅና ጠማማ ነው። ቡናማው በር ላይ፣ ከላይ አይደለም፣ ካርቶኑ በሚቀመጥበት ልክ ዝቅ ብላ፣ በርከክ ብላ ጻፈች፤ ሽንት ቤት።

ቀለሙ የማይለቅ ነው። ከስር ካለው ሱቅ የተገዛ።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አብነት ኮዱን ተቀብሎ ጨረሰ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አለ፣ ባዶውን ካርቶን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ስልኩን ደግኖ ወደ በሩ ሄደ። አጎነበሰ። ጠቅ የሚለውን ጠበቀች።

አላለም።

«ሐሚዳ» አለ እንዳጎነበሰ።

«አቤት» አለች፤ የኻሊድን ሁለት የቆዩ እቃዎች መልሳ እየደረደረች፣ ቅርቡን አስቀድማ።